ዋጋ ሲወጣ ገዢ በምን ያህል ይቀንሳል? ተራ ሪግሬሽን፣ ኮንትሮል፣ ሙከራ ወይስ ኢንስትሩመንት

የአንድ ገበያ መዝገብ እጃችሁ ገባ እንበል። በየቀኑ ምን ያህል እንደተሸጠና በስንት እንደተሸጠ ተጽፎበታል። ማወቅ የምትፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ ዋጋው 10 ፐርሰንት ቢወጣ ገዢዎች የሚወስዱትን በስንት ፐርሰንት ይቀንሳሉ? አብዛኛው ሰው መጠኑን በዋጋው ላይ ሪግሬስ ያደርግና፣ ማለትም ሁለቱን የሚያያይዝ አማካይ መስመር ያሰምርና፣ የወጣውን ቁጥር ይዞ ይሄዳል። ያ ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ የጥያቄው መልስ አይደለም። መዝገቡን በእጥፍ ብታሳድጉትም አይድንም።

ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ አራት አማራጭ አለ። ተራ ሪግሬሽን አንዱ ነው። ኮንትሮል የተጨመረበት ሪግሬሽን ሁለተኛው፣ በእጣ የሚሠራ ሙከራ ሦስተኛው ነው። አራተኛው ኢንስትሩመንታል ቫሪያብል ይባላል፤ ከዚህ በኋላ ባጭሩ ኢንስትሩመንት እለዋለሁ። አራቱን በአየር ላይ ከማወዳደር በአንድ እውነተኛ ጉዳይ ላይ ብናያቸው ይሻላል። ጉዳዩ የዓሣ ገበያ ነው።

ገበያው

የፉልተን ዓሣ ገበያ በ2005 (እ.ኤ.አ.፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደዚያው ናቸው) ወደ ብሮንክስ እስኪዛወር ድረስ ኒውዮርክ ማንሃተን ውስጥ፣ ኢስት ሪቨር ዳር ነበር። ንግዱ የሚደራው ሌሊት፣ ከተማው ተኝቶ ሳለ ነው። ገዢዎቹ ባለ ዓሣ ቤቶችና ባለ ምግብ ቤቶች ናቸው። ዋጋ ተለጥፎ አይታይም። ነጋዴው ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ለየብቻው ዋጋ ይጠራለታል።

ካትሪን ግራዲ የተባለች የኢኮኖሚክስ ተመራማሪ ከአንድ ነጋዴ መዝገብ የ111 የገበያ ቀናት መረጃ ሰበሰበች። ጊዜው ከታኅሣሥ 1991 እስከ ግንቦት 1992 ነው። ዓሣው ዋይቲንግ የሚባል ርካሽ የባሕር ዓሣ ነው። በኋላ ከጆሹዋ አንግሪስትና ከጊዶ ኢምበንስ ጋር ሆና መረጃውን ለኢንስትሩመንት ማስተማሪያ የሚሆን ጥሩ ምሳሌ አድርገውታል። ሁለቱ ሰዎች በ2021 ከዴቪድ ካርድ ጋር የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተካፈሉት ናቸው።

ይህን ገበያ የመረጥኩት ሁሉ ነገር ግልጥ ብሎ ስለሚታይበት ነው። ትኩስ ዓሣ ብዙ ቀን አይቀመጥም። የዛሬ ዋጋ የዛሬን አቅርቦትና የዛሬን ፍላጎት በቀጥታ ያሳያል ማለት ነው። ነገሩንም ለመረዳት ገበያ ወጥቶ ዋጋ የጠየቀ ሰው መሆን ይበቃል።

አማራጭ አንድ፦ ተራ ሪግሬሽን

መጠኑና ዋጋው ሁለቱም በሎጋሪዝም ተወስደው ሪግሬሽኑ ሲሠራ የወጣው ቁጥር -0.54 ነው። ሎጋሪዝም ስለሆነ ፐርሰንት ለፐርሰንት ይነበባል። ዋጋው 10 ፐርሰንት በወጣባቸው ቀናት የተሸጠው መጠን 5.4 ፐርሰንት ያህል አንሶ ነበር ማለት ነው።

እንደ መግለጫ ይህ ትክክል ነው። ከመዝገቡ የተነበበ እውነት ነው። «ዋጋውን ከፍ ባደርገው ምን ይሆናል?» ለሚለው ግን መልስ አይሆንም። ምክንያቱን ለማየት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ ዋጋው በዚያ ቀን ለምን ወጣ?

ዋጋ ከሰማይ አይወርድም። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ያወጡታል። አንደኛው ዓሣ ሲጠፋ ነው። ጀልባዎቹ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ፣ ዋጋ ይወጣል፣ ገዢም ይቀንሳል። ሁለተኛው ፈላጊ ሲበዛ ነው። ምግብ ቤቶቹ ብዙ እንግዳ ይጠብቃሉ፣ ሁሉም ተሻምቶ ይገዛል፣ ዋጋ ይወጣል፤ የሚሸጠው መጠን ግን አብሮ ይጨምራል። በመጀመሪያው ዓይነት ቀን ዋጋና መጠን በተቃራኒ ይሄዳሉ። በሁለተኛው ዓይነት ቀን አብረው ይወጣሉ። ተራ ሪግሬሽን ሁለቱን ዓይነት ቀናት ለይቶ አያውቅም። አንድ ላይ አድርጎ አማካይ መስመር ያሰምርባቸዋል።

እኛ የፈለግነው የመጀመሪያውን ዓይነት ቀን ብቻ ነበር። ገዢዎቹ ያው ሆነው፣ ፍላጎታቸውም ያው ሆኖ፣ ዋጋው ብቻ ሲለወጥ ምን እንደሚያደርጉ ማየት። ፈላጊ የበዛባቸው ቀናት ሲቀላቀሉ መስመሩን ወደ ዜሮ ይስቡታል። ስለዚህ -0.54 የገዢውን ምላሽ አሳንሶ ያሳያል ብሎ መጠርጠር ያስኬዳል።

ኢንዶጂነስ የሚባለው እንዲህ ያለ ተለዋዋጭ ነው። ዋጋው መጠኑን ይነካል፤ ግን ዋጋውን ራሱን የሚያንቀሳቅሰው፣ እኛ የማናየው የዕለቱ ፍላጎት፣ መጠኑንም በቀጥታ ያንቀሳቅሰዋል። የቀናቱ ቁጥር ከ111 ወደ 11,000 ቢያድግ ያው ድብልቅ ይበልጥ በጠራ ሁኔታ ይለካል እንጂ አይለያይም።

ተራ ሪግሬሽን የሚመረጠው መቼ ነው ታዲያ? የምትፈልጉት ትንበያ ከሆነ። «ዛሬ ዋጋው ይህን ያህል ነው፤ ምን ያህል ይሸጣል ብዬ ልጠብቅ?» ለሚል ሰው ድብልቁ ራሱ ይጠቅመዋል፤ ነገም ቀናቱ እንደዚያው ተደባልቀው ነው የሚመጡት። «ዋጋውን እኔ ብለውጠው» የምትል ቃል ጥያቄያችሁ ውስጥ ከገባች ግን ይህን አማራጭ ተዉት።

አማራጭ ሁለት፦ ኮንትሮል መጨመር

ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ፍላጎትን የሚያንቀሳቅሱትን ነገሮች ሰብስበን ሪግሬሽኑ ውስጥ ብንጨምራቸውስ? የሳምንቱን ቀን፣ የከተማውን ዝናብ፣ ቅዝቃዜውን። ሰኞ ከሰኞ ጋር፣ ዝናባማ ቀን ከዝናባማ ቀን ጋር እየተነጻጸረ ይሄዳል።

በፉልተን መረጃ ይህ ተሞክሯል። ቁጥሩ እምብዛም አልተነቃነቀም፤ ያው ግማሽ አካባቢ ቀረ። ቁጥሩ ስላልተነቃነቀ ብቻ «እንግዲያው አስተማማኝ ነው» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። እንዲህ ያለው ድምዳሜ አደገኛ ነው። ያልተነቃነቀው የጨመርናቸው ነገሮች ዋናውን ችግር ስላልነኩት ሊሆን ይችላል። አንድ ምግብ ቤት ለሠርግ ትእዛዝ መቀበሉን፣ አንድ ትልቅ ገዢ መደብሩ ባዶ መሆኑን የትኛው ኮንትሮል ይይዘዋል? ነጋዴው ግን ደንበኛው ፊት ላይ ያነበዋል፣ ዋጋውንም በዚያው ልክ ይጠራል።

ኮንትሮል የሚሠራው ዋጋንም መጠንንም የሚያንቀሳቅሰው ነገር በስሙ የምትጠሩትና የለካችሁት ሲሆን ነው። የገበያ ዋጋ ላይ ይህ ከባድ ነው። ገዢና ሻጭ በአንድ ቅጽበት እየተያዩ ይወስናሉ። ዋጋ መጠንን፣ መጠንም መልሶ ዋጋን ይነካል። የዚህን ዙር መነሻ በኮንትሮል መቁረጥ አይቻልም።

አማራጭ ሦስት፦ በእጣ መሞከር

ከተቻለ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። እጣ ጥለን በአንዱ ቀን ዋጋውን ከፍ፣ በሌላው ዝቅ እናደርጋለን። እጣው የዕለቱን ፍላጎት ስለማያውቅ የዋጋው ለውጥ ከፍላጎት ጋር አይያያዝም።

በዓሣ ገበያ ግን አንድ የሚረሳ ነገር አለ። አንድ ነጋዴ ብቻውን ዋጋ ከፍ ቢያደርግ ገዢው ሦስት እርምጃ ተራምዶ ከጎረቤቱ ይገዛል። የለካችሁት የአንድን ሱቅ ፍላጎት ይሆናል እንጂ የገበያውን አይሆንም። ምላሹ በጣም ትልቅ ይመስላል፤ ሰዎቹ ግን ዓሣ መብላት አላቆሙም፣ ሻጭ ነው የቀየሩት። የገበያውን ለመለካት የሁሉንም ነጋዴ ዋጋ በአንድ ላይ የሚያንቀሳቅስ ነገር ያስፈልጋል። ያን ደግሞ ማንም ተመራማሪ አያዝም። ባሕሩ ግን ያዛል።

አማራጭ አራት፦ ኢንስትሩመንት

ሐሳቡ እንዲህ ነው። ከዋጋው መውጣትና መውረድ ውስጥ፣ ከገዢዎች ፍላጎት ጋር በማይገናኝ ምክንያት የመጣውን ክፍል ብቻ ለይተን እንውሰድ። ለዚያ ዋጋውን የሚገፋ፣ ገዢውን ግን በሌላ መንገድ የማይነካ ነገር ያስፈልጋል። በፉልተን የተመረጠው የባሕር ማዕበል ነው።

ማዕበል ሲነሳ ጀልባዎች አይወጡም፣ ወይም ወጥተው ጥቂት ይዘው ይመለሳሉ። ገበያው ላይ ዓሣ ያንሳል። የሁሉም ነጋዴ ዋጋ ይወጣል። ማንሃተን ያለው ባለ ምግብ ቤት ግን ባሕሩ ላይ ማዕበል መኖሩ ደንታው አይደለም። የሚሰማው ዋጋው ብቻ ነው። ስለዚህ ማዕበል ካለባቸው ቀናት ጋር ጸጥ ያሉትን ስናነጻጽር የሚታየው የመጠን ልዩነት በዋጋ በኩል የመጣ ነው ማለት እንችላለን።

ተመራማሪዎቹ አንድን ቀን «ማዕበላማ» ያሉት የሞገዱ ከፍታ ከ4.5 ጫማ፣ የነፋሱ ፍጥነት ከ18 ኖት ሲበልጥ ነው። ስሌቱ ወረቀት ላይ የሚያልቅ ነው።

መጀመሪያ፣ በማዕበላማ ቀናት ዋጋው በስንት ይለያል? በሎጋሪዝም 0.335 ከፍ ይላል፤ ወደ ፐርሰንት ሲመለስ 40 ፐርሰንት ገደማ ነው። ቀጥሎ፣ በእነዚያው ቀናት የተሸጠው መጠን በስንት ይለያል? በሎጋሪዝም 0.363 ይወርዳል፤ 30 ፐርሰንት ያህል ቅናሽ ነው። አሁን ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍሉ። -0.363 ሲካፈል ለ0.335፣ -1.08 ይሆናል።

በቃ፣ ኢንስትሩመንት ይኸው ነው። ማዕበሉ ዋጋውን ይህን ያህል ገፋ፤ መጠኑ ይህን ያህል ወረደ፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ የዋጋ ግፊት የሚደርሰው የመጠን ቅናሽ የሁለቱ ሬሾ ነው። ብዙ ኢንስትሩመንትና ብዙ ኮንትሮል ሲኖር ስሌቱ ሁለት ደረጃ ባለው ሪግሬሽን ይሠራል፦ መጀመሪያ ዋጋው በኢንስትሩመንቱ ይገመታል፣ ቀጥሎ መጠኑ በተገመተው ዋጋ ላይ ሪግሬስ ይደረጋል፤ ሐሳቡ ግን ከዚህ ማካፈል አይወጣም። እኔ የሰው ሥራ ሳነብ ቶሎ ብዬ የምፈልገው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ነው። ከተደበቁ ነገሩ ያጠራጥረኛል።

በ-0.54 እና በ-1.08 መካከል ያለው ልዩነት ለነጋዴው ትልቅ ነው። የመጀመሪያው እውነት ቢሆን፣ የገበያው ዋጋ 10 ፐርሰንት ሲወጣ ጠቅላላ ገቢ 4 ፐርሰንት ያህል ያድጋል። ሁለተኛው እውነት ከሆነ ገቢው እንዲያውም በትንሹ ይቀንሳል። አንዱ ቁጥር ዓሣ ሲጠፋ ሻጭ ያተርፋል ይላል፤ ሌላው አያተርፍም ይላል።

በአር ፕሮግራም መሥራት የሚፈልግ ሰው `AER` የሚባለውን ፓኬጅ ይጠቀማል፦

```
library(AER)
m <- ivreg(lq ~ lp + rainy + cold | stormy + rainy + cold, data = d)
summary(m, diagnostics = TRUE)
```

`lq` እና `lp` የመጠኑና የዋጋው ሎጋሪዝም ናቸው፤ `d` መረጃው ነው። ከ`|` መስመሩ በስተግራ ሞዴሉ አለ፤ በስተቀኝ ኢንስትሩመንቱ። ኮንትሮሎቹ በሁለቱም በኩል መጻፋቸውን ልብ በሉ። በስተቀኝ የተረሳ ኮንትሮል እንደ ኢንዶጂነስ ይቆጠራል፤ ኢንስትሩመንት ስለሚያንስም ስሌቱ ይበላሻል። ሁለቱን ደረጃዎች በእጅ ለየብቻ መሥራትም ይቻላል፤ ዋናው ቁጥር ትክክል ይወጣል። ቁጥሩ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል የሚለካው ስታንዳርድ ኤረር ግን የተሳሳተ ይሆናል፤ ሁለተኛው ሪግሬሽን ያስገባችሁለት ዋጋ የተገመተ መሆኑን አያውቅም።

ኢንስትሩመንት ከኢንስትሩመንት ማነጻጸር

አማራጭ አራትን የመረጠ ሰው ሥራው አላለቀም። ማዕበል ብቻ አይደለም የሚታሰበው። ለዚሁ ገበያ ሌሎች ምን ሊቀርቡ ይችሉ ነበር?

የከተማው ዝናብ ወዲያው ትዝ ይላል። መጥፎ ምርጫ ነው። ዝናብ ሲጥል ሰው ምግብ ቤት አይሄድም፤ ፍላጎቱ ራሱ ይወርዳል። ገዢውን በቀጥታ ነክቶታልና ወድቋል። ዝናብ ቦታው ኮንትሮል መሆን ነው፤ ከላይ ባለው ኮድም ያለው እዚያ ነው።

የትናንቱ ዋጋስ? መረጃው ውስጥ ስላለ ብዙ ሰውን ይማርካል፣ ግን ትናንት ዋጋውን ያወጣው የፍላጎት ሙቀት ዛሬም ካልበረደ፣ የሸሸነውን ችግር በጓሮ በር አስገባነው። ለዛሬ ዋጋ የትናንቱን መጠቀም ተለምዷል፤ እኔ አልመክረውም።

ሦስተኛው ለእኛ አገር ሰው ቅርብ ነው፤ ጾም። ዐቢይ ጾም ሲገባ አዲስ አበባ ውስጥ የሥጋና የእንቁላል ገበያ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ጾም ዋጋን አጥብቆ ያንቀሳቅሳል፤ ቀኑም አስቀድሞ በባሕረ ሐሳብ የተቆረጠ ነው፤ ገበያው አይወስነውም። ታዲያ ጥሩ ኢንስትሩመንት አይደለም? መልሱ በጥያቄው ይወሰናል። ጾም የሚያንቀሳቅሰው ፍላጎትን ነው። ስለዚህ ስለ ገዢው ምላሽ ምንም አያስተምረንም። ሻጩ ዋጋ ሲወርድበት የሚያቀርበውን በስንት እንደሚቀንስ ለማወቅ ግን ጥሩ ዕጩ ነው፤ አርቢውን የሚነካው በዋጋ በኩል ነውና። ማዕበል ለገዢው ጥያቄ ይሆናል፣ ጾም ለሻጩ። ኢንስትሩመንት በራሱ ጥሩ ወይም መጥፎ አይባልም፤ ለየትኛው ጥያቄ እንደሆነ ሳይነገር ዋጋ የለውም።

ሐሳቡም የተወለደው እዚሁ የገበያ ጥያቄ ላይ ነው። ፊሊፕ ራይት በ1928 ስለ ዘይት ታሪፍ በጻፈው መጽሐፍ አባሪ ላይ ይህንኑ አሳይቷል። ፍላጎትን ለመለካት አቅርቦትን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ነገር፣ አቅርቦትን ለመለካት ደግሞ ፍላጎትን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ነገር ፈልጉ ነው ያለው።

የሚበላሸው የት ነው? በምንስ ይታወቃል?

ሁለት ቦታ ይበላሻል። አንዱ ይፈተሻል፤ ሌላው አይፈተሽም። ይህን ልዩነት አጥብቃችሁ ያዙልኝ።

የሚፈተሸው የኢንስትሩመንቱ ጉልበት ነው። ማዕበሉ ዋጋውን በ40 ፐርሰንት ሳይሆን በ1 ፐርሰንት ብቻ ቢያንቀሳቅሰው ኖሮስ? የምናካፍለው ለዜሮ ለቀረበ ቁጥር ይሆን ነበር። ትንሽ ስህተት ተባዝታ ተራራ ታክላለች። ውጤቱም ወደ ተራው ሪግሬሽን ቁጥር ይሳባል። ለዚህ ኢንስትሩመንቱ ዋጋውን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚያንቀሳቅስ የሚለካውን የመጀመሪያውን ደረጃ ኤፍ ስታቲስቲክ ማየት ነው። ከ10 በታች ከሆነ ተጠንቀቁ የሚለው ልማድ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የቆየ ነው፤ ዛሬ ብዙዎች 10 ራሱ ያንሳል ይላሉ።

የዚህ ችግር ዝነኛ ምሳሌ ትምህርትና ደመወዝ ላይ ነው የታየው። አንግሪስትና ክሩገር በ1991 የተወለዱበትን ሩብ ዓመት ለትምህርት ዓመታት ኢንስትሩመንት አደረጉት። በአሜሪካ የትምህርት ግዴታ ሕግ ምክንያት በዓመቱ መጀመሪያ የተወለደ ልጅ ትንሽ ቀደም ብሎ ትምህርት ማቋረጥ ይችል ነበር። ናሙናው ከ300,000 ሰው በላይ ነው። በ1995 ባውንድ፣ ጄገርና ቤከር እውነተኛውን የልደት ሩብ ዓመት አውጥተው ኮምፒውተር በዘፈቀደ የሰጠውን የሐሰት ሩብ ዓመት አስገቡ። ውጤቱ ያው እውነት የሚመስል ቁጥር፣ ያው አስተማማኝ የሚመስል ስታንዳርድ ኤረር ሆኖ ወጣ! ደካማ ኢንስትሩመንት በትልቅ ናሙና አይፈወስም ማለት ነው።

የማይፈተሸው ሁለተኛው ነው፤ ኢንስትሩመንቱ በሌላ መንገድ ገዢውን አይነካም የሚለው። ይህን የሚያረጋግጥ ስታቲስቲክ የለም። ያለው ክርክር ብቻ ነው፤ ክርክሩም ገበያውን በማወቅ ነው የሚሠራው። እስቲ ማዕበልን እንክሰሰው።

የመጀመሪያው ክስ፣ ባሕር ላይ ማዕበል ሲኖር ከተማውም ይዘንባል የሚል ነው። እውነት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው የየብሱ ዝናብና ቅዝቃዜ በኮንትሮል የገቡት። ከገቡ በኋላም ምላሹ ከ1 በላይ ሆኖ ቀርቷል። ክሱ ተመልሷል እላለሁ።

ሁለተኛው ክስ ይከብዳል። ማዕበል ዋይቲንግን ብቻ አይደለም የሚያስወድደው። የሌላውንም ዓሣ ዋጋ ያወጣል። ዋይቲንግ ሲወደድበት ወደ ሌላ ዓሣ ሊዞር የነበረ ገዢ፣ ሌላውም ተወድዶ ያገኘዋል፤ ስለዚህ ዋይቲንጉን ሳይተው ይቀራል። እንግዲህ የለካነው «ዋይቲንግ ብቻ ቢወደድ» የሚለውን አይደለም፤ «ዓሣ በጠቅላላ ሲወደድ ገዢ ዋይቲንግን በስንት ይቀንሳል» የሚለውን ነው። ዋይቲንግ ብቻ ቢወደድ ምላሹ ከ1.08 ሊበልጥ ይችላል። ይህ ክስ ሥራውን አይጥለውም፤ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ግን ይቀይራል። ኢንስትሩመንት የሚጠቀም ሰው የቤት ሥራው እንዲህ ያለውን ክስ ራሱ ፈልጎ ራሱ መመለስ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቁጥሩ የሚናገረው ማዕበል ስላንቀሳቀሰው የዋጋ ለውጥ ነው። ለአንድና ሁለት ቀን የሚቆይ ውድነት ነው ያ። ዋጋው ለዓመት ቢወደድ ምግብ ቤቱ የምግብ ዝርዝሩን ይቀይራል፤ ምላሹም ሌላ ይሆናል። የማዕበልን ቁጥር ወስዶ ለቋሚ ታክስ መጠቀም ስህተት ነው።

ታዲያ የትኛውን?

እዚህ ላይ አንድ የማይመች ነገር አለ። የተራው ሪግሬሽን ስታንዳርድ ኤረር ከ0.2 በታች ነበር። የኢንስትሩመንቱ ግን ወደ 0.5 ይጠጋል። ስለዚህ በ-1.08 ዙሪያ ያለው የ95 ፐርሰንት ክልል ከ-0.1 አካባቢ እስከ -2 አካባቢ ይዘረጋል። -0.54 ራሱ እዚያ ውስጥ ነው! በ111 ቀን መረጃ ብቻ ሁለቱ ቁጥሮች ይለያያሉ ብሎ መማል አይቻልም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኢንስትሩመንት የዋጋውን ለውጥ አብዛኛውን ጥሎ ጥቂቱን ብቻ ይጠቀማል። ጥቂት መረጃ ደግሞ ሰፊ ክልል ይሰጣል። ምርጫው በጠባቡ ነገር ግን በተዛባው ቁጥርና በሰፊው ነገር ግን ትክክለኛውን ጥያቄ በሚመልሰው መካከል ነው።

እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። መጀመሪያ አድሎው፣ ማለትም የተራው ቁጥር መዛባት፣ ወዴት እንደሚያዘነብል በቃል እጽፋለሁ፣ ምንም ስሌት ሳልጀምር። በፉልተን፣ የፍላጎት ሙቀት ዋጋንና መጠንን አብሮ ስለሚያወጣ ተራው ቁጥር ወደ ዜሮ ይሳባል ብዬ ነው የምጀምረው። ከዚያ ኢንስትሩመንቱ ቁጥሩን በጠበቅኩት አቅጣጫ ከወሰደው፣ የመጀመሪያው ደረጃ ጠንካራ ከሆነና ክሶቹም ከተመለሱ፣ ክልሉ ቢሰፋም ኢንስትሩመንቱን እመርጣለሁ። ቁጥሩ በተቃራኒው ከሄደ ወይም ከተራው አሥር እጥፍ ከሆነ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ኢንስትሩመንቱን ነው። ደካማ ነው ወይም የጓሮ በር አለው።

የመጀመሪያው ደረጃ ደካማ ከሆነ ግን ኢንስትሩመንቱን መተው ይሻላል። ማዕበል የሌለው ሐይቅ ላይ ያለ ገበያ ቢሆን፣ ሌላም አቅርቦትን የሚገፋ ነገር ባይገኝ፣ ተራውን ሪግሬሽን ከነአድሎው አቅጣጫ አቀርበዋለሁ። «-0.54 ወጥቷል፤ የዕለቱ ፍላጎት ይህን ቁጥር ወደ ዜሮ ይስበዋል፤ ስለዚህ የገዢው ትክክለኛ ምላሽ ቢያንስ ይህን ያህል ነው፣ ምናልባትም ከዚህ ይበልጣል» ብዬ እጽፋለሁ። ዋጋ ሊጨምር ላሰበ ነጋዴ ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር፣ በ2 ኤፍ ስታቲስቲክ ላይ ከቆመ ኢንስትሩመንት ይልቅ ትጠቅመዋለች።